ከላይ በተገለጸው ሰዓት

የማህበራችን ጸሐፊ የሆንኩት በተሰጥኦ አይደለም፤ ኮምፒውተር ስላለኝ ነው። አደባባዩ ጥግ ላይ አንዲት ኮፒ ቤት አለችኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ መታወቂያ ኮፒ አደርጋለሁ፣ የጠፋ ሰነድ ማስታወቂያ እተይባለሁ። የነዋሪዎች ማህበሩ ጸሐፊ ሲመረጥ አንዱ ከኋላ ብድግ ብሎ «ወረቀትም ቀለምም ያለው እሱ ጋ ነው» አለ፤ ጉባኤው በጭብጨባ አጸደቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወረቀቱም ቀለሙም የማህበሩ ሆነ።

ነገሩ የጀመረው ሐሙስ ነው። የክሊኒኩ ነርስ ደወለችልኝ። ለዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ከኛ ሰፈር አሥራ አራት ሰው ተመዝግቧል። ሐኪሞቹ ከሩቅ የሚመጡ ናቸው፤ በዓመት አንዴ መጥተው ሁለት ቀን ሠርተው ይሄዳሉ። የተመዘገቡትን የሚወስደው አውቶቡስ ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤቱ በር ይነሣል ተብሎ ቀድሞ ተነግሮ ነበር።

«ተቀይሯል» አለችኝ። «አንድ ሰዓት ላይ ነው የሚነሣው። ሐኪሞቹ ፕሮግራማቸውን ወደ ጠዋት አምጥተውታል። ያልደረሰ ሰው ተራው ለሚቀጥለው ዓመት ነው።»

«ታዲያ ለምን አትደውዪላቸውም?»

«ደወልኩ እኮ! ያነሡት አምስት ናቸው። የሌላው ስልክ ወይ ተዘግቷል፣ ወይ የልጅ ልጅ ነው፣ ወይ የተሳሳተ ነው። አድራሻ ስጡ ስንላቸው ደግሞ ‹ከመጋዘኑ ጀርባ› ብለው ያስመዘግባሉ። እናንተ እሁድ ስብሰባ አላችሁ አይደል? እዚያ አስነብቡልኝ።»

«ስማቸውን ንገሪኝና እኔ ልዙር።»

«አልችልም። ሰዎቹ ስማችን እንዳይታወቅ ብለዋል።»

እውነቷን ነው። በኛ ሰፈር ዓይኑ መድከሙን አፉን ሞልቶ የሚናገር የለም። ሹፌሩ ከተናገረ መንጃ ፈቃዱ፣ ዘበኛው ከተናገረ እንጀራው ይሄዳል። ከአሥራ አራቱ የማውቃት አንዷን ብቻ ነው፤ ታላቅ እኅቴን።

እትዬ ልብስ ሰፊ ናት። እናታችን ስትሞት እኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ በዚያች የእግር ስፌት መኪናዋ አሳደገችኝ፣ አስተማረችኝ፣ የኮፒ ማሽኑንም የገዛችልኝ እሷ ናት። ሁለቱም ዓይኖቿ ሞራ ከያዛቸው ሁለት ዓመት አለፈ። ክሩን በመርፌው ቀዳዳ የምታስገባላት የጎረቤቷ ልጅ ናት፤ ጨርቁን እትዬ የምትቆርጠው በጣቷ እየዳሰሰች ነው። ደንበኞቿ ይህን አያውቁም። ባለፈው ወር ግን ለአንዷ የሙሽራ ሚዜ አንዱን እጅጌ በአራት ጣት አሳጥራ ሰፋችላት። «ዘንድሮ እንዲህ ነው የሚለበሰው» ብላ በቀልድ ሸኘቻትና በሩን ዘግታ አለቀሰች። ሌላ ዓመት መጠበቅ ማለት ለእሷ መኪናዋን መሸጥ ማለት ነው።

ስለዚህ ማስታወቂያውን እንደ ጻፍኩ ወረቀቱን ይዤ በቀጥታ እሷ ጋ ሄድኩ። በሙያዬ ኮርቼ ነበር፤ እንዲህ ስል አነበብኩላት፦ «የዓይን ሕክምና ተመዝጋቢዎችን የሚወስደው አውቶቡስ መነሻ ሰዓት ረቡዕ ጠዋት ከሦስት ሰዓት ወደ አንድ ሰዓት የተቀየረ መሆኑን እናስታውቃለን።»

«እስቲ ምን ሰማሽ?» አልኳት።

«ስለ አውቶቡስ ነው። ሦስት… አንድ… የቱ ነው የቀረው?»

«አንድ ሰዓት እኮ ነው የተባለው።»

«አንተ ወረቀቱን ይዘኸዋል፤ ቢጠፋህ መለስ ብለህ ታየዋለህ። እኔ ምኑን ልይ? አንዴ ጆሮዬን ነክቶ አለፈ፤ ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው።» እግሯን ከመርገጫው ላይ አነሣች። «ስማኝ። መጀመሪያ ለማን እንደሆነ ተናገር። ለኔ መሆኑን ሳላውቅ ለምን ብዬ አዳምጣለሁ? ስብሰባ ላይ ሁሉም የጎኑን ሰው እያማ ነው። ለዓይን የተመዘገባችሁ ስትል ነው ጆሮዬ የሚቆመው። ሁለተኛ፣ አሮጌውን ሰዓት አታንሣብኝ።»

«ካላነሣሁት መቀየሩ በምን ይታወቃል?»

«‹ተቀይሯል› በላ! ደንበኛ ወገቧ ጨምሮ ስትመጣ አሮጌውን ልክ ከደብተር ላይ ድራሹን ነው የማጠፋው። ሁለቱን ጎን ለጎን ካስቀመጥኳቸው መቀሱ ወደ ለመደው ነው የሚሄደው። የሰውም ጆሮ እንደዚሁ ነው። ሦስት ሰዓትን ወር ሙሉ ስንሰማው ከረምን፤ አንተ ደግሞ መልሰህ ታስታውሰናለህ?»

ወዲያው መርፌ የተሰካበትን ጨርቅ አስቀመጠችና አብረን ሠራነው። እሷ እየሰማች፣ እኔ እያነበብኩ፣ የማይያዘውን እየጣልን። አራት ጊዜ ቀየርነው። በመጨረሻ እንዲህ ወጣ፦

«ለዓይን ሕክምና የተመዘገባችሁ፣ ይህ ለእናንተ ነው። የአውቶቡሱ ሰዓት ተቀይሯል። አውቶቡሱ የሚነሣው ረቡዕ ጠዋት አንድ ሰዓት ነው። የሚነሣው ከትምህርት ቤቱ በር ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ የመጣ አይደርስበትም፤ ተራውም ለሚቀጥለው ዓመት ያልፋል። ደግሜ ልንገራችሁ። ረቡዕ። ጠዋት። አንድ ሰዓት።»

«አሁን ጎረቤቴን ጥራት» አለችኝ። ጎረቤቷ ሽንኩርቷን እየላጠች መጣች። አንዴ አነበብኩላት። ከዚያ እኅቴ ሆን ብላ ስለ ሽንኩርት ዋጋ፣ ስለ አከራይዋ፣ ስለ ሰፈሩ ውኃ ታወራት ጀመር። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይታ ድንገት «ለመሆኑ አውቶቡሱ መቼ ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

«ረቡዕ ጠዋት አንድ ሰዓት» አለች ጎረቤትየው። «ግን እኔ አልተመዘገብኩም።»

እኅቴ ሳቀች። «በቃ፣ ያልተመዘገበ ሰው እንኳ ከያዘው ልብሱ ተሰፍቷል» አለችኝ። ያን ቀን ወደ ቤቴ የሄድኩት ደስ ብሎኝ ነው። በሕይወቴ ከጻፍኩት ሁሉ ጥሩው ያ ነበር፤ አርባ አምስት ቃል እንኳ አይሞላም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ኮሚቴያችን ከኔ ሌላ ሦስት ሰው ነው። ሊቀመንበሩ ጡረታ የወጡ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ናቸው፤ ጡረታ የወጣው ሰውነታቸው ነው እንጂ ቢሮው እስከ ዛሬ ውስጣቸው ተቀምጧል። ሁለተኛው «ጠበቃው» ይባላል፤ ጠበቃ ሆኖ አያውቅም፣ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሃያ ዓመት ፋይል ሲያመላልስ የሕግ አቧራ ተነካክቶ ነው። ሦስተኛው መምህሩ ናቸው፤ ቃላት የሚወዱ ደግ ሰው፣ አጭር ዐረፍተ ነገር ሲያዩ ራቁት ሰው ያዩ ያህል የሚያፍሩ።

አነበብኩላቸው። ሲያልቅ፣ ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አለቀ?» አሉ።

«አለቀ፣ ጋሼ።»

«ይሄ እኮ ማስታወቂያ አይደለም፤ አውቶቡስ ላይ የሚጮኽ ረዳት ነው። ‹ደግሜ ልንገራችሁ› ማለት ምን ማለት ነው? ጉባኤው አንዴ ሲነገረው አይገባውም ማለት ነው? ደግሞስ ማህበሩ የት አለ? አንባቢው ማህበሩን የት ያገኘዋል?»

«አንባቢ የለም ጋሼ፣ ሰሚ ነው ያለው። የተመዘገቡት ዓይናቸው—»

«ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ! ከሥሩ ጀምር። ማህበሩ ለአባላቱ ጤና ያደረገው ጥረት ይግባ።» ገባ።

ጠበቃው እጁን አወጣ። አራት ሰው በተቀመጠበት ክፍል ውስጥ እጁን ሳያወጣ የማይናገር ሰው ነው። «ቃለ ጉባኤ ቁጥር ሰባት ላይ ሦስት ሰዓት ተብሎ ተመዝግቧል። ያንን ሳንጠቅስ አንድ ሰዓት ብንል ሁለት ውሳኔ ይኖረናል ማለት ነው። ነገ አንዱ ቢከሰን በምን እንመልሳለን? የቀድሞው ሰዓት ይጠቀስ። መሻሻሉም ይጠቀስ። ሲሻሻል ደግሞ የተሻሻለው ነገር እንደገና ይጠቀስ።»

«እኔ ደግሞ» አሉ መምህሩ በለሆሳስ፣ «‹አይደርስበትም› የሚለው ትንሽ ልብ ያደማል። ሕመምተኛን ማስፈራራት ነውር ነው። ‹በትሕትና እናሳስባለን› ብንል ያምራል። ‹ረቡዕ። ጠዋት።› የሚለውም ግሥ የለውም፤ የኔ ተማሪ ቢሆን በቀይ እሰርዘው ነበር።»

ተከራከርኩ። እውነት ለመናገር ትንሽ ነው የተከራከርኩት። ሰሚ ወደ ኋላ ተመልሶ ማየት አይችልም አልኩ። ሦስት ሰዓትን በጠራን ቁጥር ሰው ሦስት ሰዓትን ነው የሚይዘው አልኩ። ለሁለት ሰው አንብቤ ፈትኜዋለሁ አልኩ።

«ለማን?» አሉ ሊቀመንበሩ።

የእኅቴን ምስጢር ላወጣ ነው? «ለ… ለጎረቤት። ሽንኩርት ስትልጥ።»

ሳቁብኝ። ሊቀመንበሩ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «ያልገባው ካለ ይጠይቃል። ስብሰባ ማለት እኮ ለዚህ ነው።»

ዓይኑን የደበቀ ሰው አራት መቶ ሕዝብ መሀል ተነሥቶ ስለ ዓይን አውቶቡስ ይጠይቃል! ይህን መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ለምን እንዳልተናገርኩ ልንገራችሁ፤ እኅቴ ሰዓቱን ታውቃለች። በአራት ረቂቅ ከኔ ጋር ሠርታዋለች። የኔ ሰው ተርፏል፣ የቀረው እንደምንም ይሆናል ብዬ ነው። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? እኔም ዝም አልኩ። ውኃ ቅዳ ውኃ መልስ ሲሉ ቆይተው ወረቀቱ ሲመለስልኝ ተየብኩት፣ በራሴ ወረቀትና በራሴ ቀለም አተምኩት፣ የማህበሩን ማኅተም መታሁበት።

እሁድ አዳራሹ ሞልቷል። የፕላስቲክ ወንበር ያለቀበት ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ማስታወቂያ የሚያነብልን «ራዲዮ» የምንለው ሰው ነው፤ ድምፁ ማይክ አያስፈልገውም፣ ግን ማይክ ይወዳል። የፊደል ችግር የለበትም፤ ችግሩ ነጥብ ካላየ አለመተንፈሱ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ነጥብ ደግሞ አንድ ብቻ ነበር፣ መጨረሻው ላይ። እንዲህ ሲል አስተጋባው፦

«የተከበራችሁ የማህበራችን አባላት፣ ማህበራችን ከተመሠረተበት ጊዜ አንሥቶ የአባላቱን ጤና ለመጠበቅ ሲያደርግ የቆየውን ዘርፈ ብዙ ጥረት አጠናክሮ በመቀጠል፣ በቃለ ጉባኤ ቁጥር ሰባት ረቡዕ ጠዋት በሦስት ሰዓት እንዲነሣ የተወሰነውና አባላት ተረጋግተው እንዲደርሱ ታስቦ ሦስት ሰዓት እንዲሆን የተደረገው የዓይን ሕክምና ተመዝጋቢዎች መጓጓዣ፣ ከማህበሩ አቅም በላይ በሆነ ምክንያት ወደ አንድ ሰዓት እንዲሻሻል በመደረጉ፣ በሦስት ሰዓት ይነሣል በሚል ቀደም ሲል የተያዘው ውሳኔ በዚሁ አግባብ እንዲታይ እየገለጽን፣ ተመዝጋቢዎች ከላይ በተገለጸው ሰዓት በትምህርት ቤቱ በር እንድትገኙ በትሕትና እናሳስባለን።»

‹ከላይ በተገለጸው› ሲል አንዲት አሮጊት ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። ጣሪያው ላይ አምፖል እንጂ ሰዓት አልነበረም።

«ጥያቄ ያለው?» አሉ ሊቀመንበሩ።

ዝም። አራት መቶ ሰው ዝም። እኅቴን ፈለግኳት፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች፣ ፊቷ የተረጋጋ ነው። ታውቃለች ብዬ ተነፈስኩ።

«እንግዲህ ግልጽ ሲሆን ጥያቄ የለም» አሉ ሊቀመንበሩ ወደኔ ዞር ብለው። «አየህ?» ቀጥሎ የነበረው አጀንዳ የቆሻሻ ገንዳው ነበር፤ በእሱ ላይ ለሁለት ሰዓት ተኩል ጥያቄ ተጠየቀ።

ማክሰኞ ወደ ማታ ወረቀት ልገዛ ስሄድ በእኅቴ በር አለፍኩ። «ሰዓቱን ይዘሻል አይደል?» አልኳት ከደጅ ሆኜ።

«ይዣለሁ፤ ሂድ ሥራህን ሥራ» አለችኝ። ሰዓቱን በቃልሽ በይልኝ አላልኳትም። ሐሙስ ያስተማረችኝን ማክሰኞ ረሳሁት።

ረቡዕ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ላይ ነበርኩ። አውቶቡሱ ቆሟል። ነርሷ ዝርዝሯን ይዛ ከደረጃው ላይ ትጣራለች። አምስቱ መጡ፤ በስልክ የተነገራቸው አምስቱ። ስድስተኛው የመጣው አንድ ጡረተኛ ወታደር ነው፤ ለማንኛውም ነገር ሰዓታት ቀድሞ መድረስ ልማዱ ስለሆነ ከሌሊቱ በአሥር ሰዓት ተነሥቶ ነው የመጣው። በማስታወቂያው የመጣ ሰው አንድም አልነበረም። እትዬ የለችም።

ደወልኩ፤ ስልኳ ዝግ ነው። አንድ ሰዓት ሊሞላ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ነርሷን ለመንኳት።

«አሥር ደቂቃ እጠብቃለሁ» አለች ነርሷ። «ከዚያ በላይ ሐኪሞቹ ሌላ ሰው ያስገባሉ።»

እግሬ አውጪኝ አልኩ። በገበያው ጀርባ፣ በልብስ ማጠቢያው፣ በጠባቧ መንገድ። ገና ያልተከፈቱ ሱቆችን ሁሉ ቆጠርኳቸው። ደጇን ሳንኳኳ በአንድ እጇ ፎጣ ይዛ፣ ፀጉሯ ውኃ እያንጠባጠበ ከፈተችልኝ።

«ምን ሆነሃል? ሰው ሞተ?»

«አውቶቡሱ ሊሄድ ነው!»

«ገና ሁለት ሰዓት አለኝ እኮ! ፀጉሬን ታጥቤ—»

«አንድ ሰዓት አልኩሽ እኮ፣ እትዬ! አብረን ነው እኮ የጻፍነው!»

«ያ ረቂቅ ነበራ!» አለች። «ረቂቅ ይለወጣል። እሁድ በአዳራሽ፣ በማይክ፣ በማኅተም ሦስት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት ሲባል ሰማሁ። ሐኪሞቹ ሐሳባቸውን ቀየሩ፣ ወደ ድሮው መለሱት አልኩ። መቼም አንተ የጻፍከውን ትተው ሌላ ያነባሉ ብዬ አልጠረጠርኩም። የጻፍከው አንተ አይደለህ እንዴ?»

 እጇን ይዤ ወጣሁ። ጫማዋን በመንገድ ላይ ነው ያጠለቀችው። እያንጠባጠበች፣ እየተሳደበች፣ ጉድጓዱን በኔ ክንድ እየዘለለች ሮጠች፤ እኔን አሳድጋ የጨረሰች ሴት እንዲያ ትሮጣለች ብዬ አላሰብኩም ነበር። ስንደርስ ሹፌሩ ሞተሩን አስነሥቷል፤ ነርሷ በሩን በእግሯ ይዛዋለች።

እኅቴ ደረጃውን ወጣችና ቆመች። የወንበሮቹን ጀርባ በእጇ እየዳሰሰች ወደ ውስጥ ገባች፤ አንዱ ባዶ፣ ሁለተኛው ባዶ፣ ሦስተኛው ባዶ።

«ሌላው ሰው የታለ?» አለች።

«ሰባት ይቀራሉ» አለች ነርሷ። «የማንንም ስልክ አላገኘሁም።»

እኅቴ በመስኮቱ ወደኔ ዞረች። ፊቴን በደንብ እንደማታየው አውቃለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ያየችኝ መሰለኝ።

«ሌሎቹ ደግሞ ወንድም የላቸውም?» አለችኝ። «የኔን ቤት ብቻ ነው የምታውቀው?»

«ስማቸውን አላውቅም፣ እትዬ።»

«ስማቸውንማ አታውቅም። ጆሯቸውን ግን ታውቀው ነበር። ኮሚቴው መሀል ተቀምጠህ ማስታወቂያህ ላይ ሦስት ሰዓትን ሲሰኩብህ ምን ብለህ ዝም አልክ?» አውቶቡሱ መንቀሳቀስ ጀመረ። «እንዳትሄድ! እዚህ በር ላይ ቁም። ይመጣሉ። ባዶ በር አያግኙ!»

ቆምኩ። ኮፒ ቤቴን አልከፈትኩም። በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ተቀምጬ የሰፈሩን ሰው ሥራ ሲሄድ አየሁ። አንድ መንገደኛ መጥቶ እዚህ በር ላይ ሠራተኛ ይቀጠራል ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ሊቀመንበሩ መጡ። ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፣ ክራቫት አስረዋል፣ ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት ብቅ ብሏል። የስንብት ንግግር ነው። ግራ ቀኝ አዩ።

«አውቶቡሱ ዘገየ እንዴ?» አሉ። «እኔ እንኳ ቀደም ብዬ ሰዎቹን ላበረታታ ብዬ ነበር።»

«ሄዷል፣ ጋሼ። አንድ ሰዓት ላይ።»

«አንድ?» ክራቫታቸውን ነካኩ። «አንድ ሰዓት… አዎ፣ አዎ፣ ማሻሻያው። እኔ እኮ በጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው…» አልጨረሱትም። ያረቀቁት እሳቸው ናቸው፣ የፈረሙትም እሳቸው ናቸው። እንዲያም ሆኖ እሳቸውን እንኳ ሦስት ሰዓት አሸነፋቸው። ልስቅ ፈልጌ ነበር፣ ሳቁ ግን አልመጣልኝም።

«ስንት ሰው ቀረ?»

«ሰባት።»

ለጥቂት ጊዜ መሬት መሬት አዩ። በእውነት እንዳዘኑ ታወቀኝ። ግን ሰውዬው ሲያዝኑም በደብዳቤ ነው የሚያዝኑት። «ጻፍ» አሉኝ። «የይቅርታ ማስታወቂያ ይውጣ። ብዕር ይዘሃል? ‹ማህበራችን ከተመሠረተበት ጊዜ አንሥቶ…›»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ብዕሩን ከኪሴ አላወጣሁም።

«አልጽፍም፣ ጋሼ» አልኳቸው። «ቅዳሜ ነበር እንዲህ ማለት የነበረብኝ።»

ሊመልሱልኝ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ አጥሩን በእጃቸው እየዳበሱ አንድ ሽማግሌ መጡ። አወቅኳቸው፤ የመጋዘኑ ዘበኛ ናቸው። ሌሊት ሌሊት በባትሪ ሰው የሚያስቆሙት፣ ሰፈሩ ሁሉ «ንስር ዓይኑ» የሚላቸው። የሥራ ካፖርታቸውን አውልቀው ንጹሕ ጃኬት ለብሰዋል፤ አንገታቸው ላይ አዲስ ፎጣ ጣል አድርገዋል፤ በፌስታል የቅያሪ ልብስ ይዘዋል። ድምፃችንን ሰምተው ወደኛ ዞሩ።

«አውቶቡሱ ገና ነው አይደል፣ ልጆቼ?» አሉ። «ግማሽ ሰዓት ቀድሜ ነው የመጣሁት። አለቃዬን ዘመድ ታሞብኛል ብዬ ነው ያስፈቀድኩት፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።»

 ደስ ብሏቸው ስለነበር መልሳችንን አልጠበቁም።

«የእሁዱ ማስታወቂያ እንዴት ያምር ነበር!» አሉ። «ሌላ ጊዜ ሲነበብ አይያዝልኝም። ይሄን ግን ሦስት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት እያለ እንደ ሚስማር ተቸነከረልኝ። የጻፈውን ልጅ እጁን ይባርከው።»

ሊቀመንበሩ ፊታቸውን ወደ መንገዱ መለሱ፣ የሚጠብቁት ሰው እንዳለ ሁሉ።

ተነሣሁ። ቀረብኳቸውና ክንዳቸውን ያዝኩ። «አባባ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው። «አውቶቡሱ ሄዷል። አንድ ሰዓት ላይ ሄዷል። ጥፋቱ የኛ ነው፣ የእርስዎ አይደለም።»

ፌስታሉን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩት። ፈገግታቸው ገና ፊታቸው ላይ ነበር።

«እኔ እኮ ግማሽ ሰዓት ቀድሜ ነው የመጣሁት» አሉኝ ቀስ ብለው፣ ያልሰማኋቸው መስሏቸው።

ደግሜ ነገርኳቸው።